የዩሮ ክፍያዬ ወደ ዶላር አካውንቴ ሲገባ የት ነው የሚሸራረፈው?

ማህሌት_ግራፊክስ

ሰላም ለሁላችሁም። ሥራዬ ዲዛይን ነው። ደንበኛዬ ዩሮ በሚጠቀም አገር ያለ ድርጅት ነው። እኔ ደግሞ ያለኝ የዶላር አካውንት ነው።

በአውሮፓውያን 2024 መስከረም ላይ የ2,500 ዩሮ ኢንቮይስ ልኬ ተከፈለኝ። ያን ቀን ገበያው ላይ አንድ ዩሮ 1.10 ዶላር ገደማ ነበር። ስለዚህ ቢያንስ 2,700 ምናምን ዶላር ጠብቄ ነበር። የገባልኝ 2,646.25 ነው። በገበያው ዋጋ ቢሆን 2,750 መሆን ነበረበት። 103.75 ዶላር የት ገባ?

ባንኬን ስጠይቅ «እኛ የወሰድነው 15 ዶላር ብቻ ነው» አሉኝ። ደንበኛዬ ደግሞ «ሙሉውን ልከናል» ብሎ ደረሰኙን ላከልኝ፤ እውነትም 2,500 ዩሮ ይላል። ሁለቱም የሚዋሹ አይመስሉም።

ሁለተኛ ጥያቄም አለኝ። የገባውን ዶላር እዚያው አካውንቱ ላይ ላቆየው ወይስ ወዲያው ወደ አገር ገንዘብ ልመንዝረው? አካውንቱ የሚከፍለው ወለድ በዓመት 1 በመቶ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ለኮርስ ክፍያ የተወሰነ ዶላር ያስፈልገኛል፤ የቀረው ለኑሮ ነው።

---

ቢኒ77

መሐል ላይ ያሉት ባንኮች ናቸው የበሉሽ። ይሄ የታወቀ ነው። ደንበኛሽ ሲልክ የክፍያውን ምርጫ OUR እንዲያደርገው ንገሪው፤ ወጪው ሁሉ በእሱ ይሆናል፣ ላንቺ ሙሉው ይገባል። አለቀ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ደግሞ ጥያቄም አይደለም። ዶላር አይመነዘርም። ዶላር ሁሌ ወደ ላይ ነው። አካውንቱ ላይ አስቀምጠሽ እርሺው።

---

ሳሚ_ኮድ

እኔ የምጠቀመው የኦንላይን ዋሌት ነው። ዶላርም ዩሮም ለየብቻ ይይዛል፣ በስልክ ነው ሁሉም ነገር። የትኛው አፕ ይሻላል የሚለውን ከፈለግሽ በውስጥ መስመር አወራሻለሁ። ባንክ ቤት ወረፋ መያዝ ቀረ እኮ።

---

ማህሌት_ግራፊክስ

ሳሚ አመሰግናለሁ፣ ግን የጠየቅሁት የትኛው አፕ ይሻላል አይደለም። ገንዘቡ የት እንደቀረ ነው ማወቅ የፈለግሁት። ደንበኛዬ የሚልከው ደግሞ ወደ ባንክ አካውንት ብቻ ነው።

---

የኋላ_ክፍል

እህቴ፣ መገመት አያስፈልግም። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ብዙ ዓመት የሠራሁት ባንክ ውስጥ የውጭ አገር ክፍያ ክፍል ነው፤ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው የማይጠፋበት ቀን አልነበረም።

ባንክሽን «የገባልኝን ክፍያ የስዊፍት መልእክት ኮፒ ስጡኝ» በያቸው። MT103 ይባላል፤ ባንኮች ክፍያ ሲላላኩ የሚጻጻፉት ነው። ደንበኛሽም ከራሱ ባንክ ሊያስወጣው ይችላል፤ የተሻለው ግን አንቺ ባንክ የደረሰው ኮፒ ነው። መንገድ ላይ የተቆረጠው የሚታየው እሱ ላይ ነው። የላኪው ደረሰኝ የሚያሳየው የወጣውን እንጂ የደረሰውን አይደለም። (ወደ አዲሱ አሠራር የተሻገሩ ባንኮች pacs.008 የሚባል ሊሰጡሽ ይችላሉ። መልኩ ሌላ ነው፣ የሚነግርሽ ግን ያው ነው።)

ከውስጡ የምፈልገው አምስት መስመር ብቻ ነው፦ 32A፣ 33B፣ 36፣ 71A እና 71F። የአካውንት ቁጥርና ስም የያዙትን መስመሮች እዚህ አትለጥፊ።

---

ማህሌት_ግራፊክስ

ጋሼ፣ አገኘሁት። መጀመሪያ «እንዲህ የሚባል ነገር ለደንበኛ አንሰጥም» አሉኝ። MT103 ብዬ በስሙ ስጠራው ግን አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ይኸው፦

```
:32A:240911USD2661,25
:33B:EUR2500,00
:36:1,0725
:71A:SHA
:71F:USD20,00
```

---

የኋላ_ክፍል

በጣም ጥሩ። አሁን አብረን እናንብበው።

33B ደንበኛሽ «ይህን ላኩልኝ» ያለው ነው፤ 2,500 ዩሮ። አልዋሸም። 32A ደግሞ ወደ ባንክሽ በትክክል የደረሰው ነው፤ 2,661.25 ዶላር። ባንክሽ ከዚያ ላይ 15 ዶላሩን ሲያነሳ አካውንትሽ ላይ ያየሽው 2,646.25 ይመጣል። ባንክሽም አልዋሸም።

በሁለቱ መካከል የሆነውን የሚናገሩት 36 እና 71F ናቸው። 71A ላይ ያለው SHA ወጪውን ላኪና ተቀባይ ተካፈሉት ማለት ነው። 71F መንገድ ላይ የነበረ ባንክ የቆረጠው ነው፤ 20 ዶላር። ቢኒ ያለው ይሄንን ነው። ሁለት ባንክ ቢቆርጥ ኖሮ ሁለት 71F ታዪ ነበር።

ዋናው ጉዳይ ግን 36 ላይ ነው ያለው። ዩሮሽ ወደ ዶላር የተመነዘረው በ1.0725 ነው እንጂ በ1.10 አይደለም። 2,500 በ1.0725 ሲባዛ 2,681.25 ነው። ከ2,750 ጋር ያለው ልዩነት 68.75 ዶላር። ስለዚህ ከጠፋብሽ 103.75 ውስጥ «የአገልግሎት ክፍያ» ተብሎ የተጠራው 35 ዶላር ብቻ ነው። ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው በምንዛሪው ዋጋ ውስጥ ተደብቆ ነው የሄደው። ማንም ደረሰኝ አልቆረጠለትም፤ «ክፍያ» የሚል ስምም የለውም።

ስለዚህ ቢኒ፣ OUR ብትል የምታድነው 20 ዶላሩን ነው። ምናልባት 15ቱንም፣ እሱም ባንኳ ከፈቀደ። 68.75ቱን አይነካውም።

---

ቢኒ77

እሺ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ግን ማነው የመነዘረው ታዲያ? የእሷ ባንክ ሊሆን አይችልም?

---

የኋላ_ክፍል

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱም እዚያው ወረቀት ላይ አለ።

መስመር 36 ካለ፣ ገንዘቡ የተመነዘረው እሷ ባንክ ሳይደርስ ነው። ብዙውን ጊዜ ላኪው ባንክ ነው። ደንበኛው ፎርሙ ላይ የተቀባዩ አካውንት ዶላር መሆኑን ሲያይ «በዶላር ላክ» የሚለውን ይጫናል፤ ባንኩም በራሱ ዋጋ ይመነዝራል።

36 ከሌለና 32A ራሱ EUR የሚል ከሆነ ደግሞ ዩሮው ሳይነካ ደርሷል ማለት ነው። አካውንቱ ዶላር ስለሆነ የመነዘረው የራሷ ባንክ ነው። የሚከራከሩትን ለማወቅ ይህን ማየት በቂ ነው። የመነዘረው ሌላ ሆኖ ራስሽ ባንክ ጋር ሄዶ መጣላት ትርፉ ድካም ነው።

ማህሌት ወደ አገር ገንዘብ ስትመነዝር ደግሞ ሌላ መሸራረፍ አለ። ዩሮ ወደ ዶላር አንድ፣ ዶላር ወደ አገር ገንዘብ ሁለት። የዶላር አካውንት ኖሮሽ ገቢሽ ዩሮ ከሆነ አካውንቱ አይጠብቅሽም፤ አንድ የመመንዘሪያ ጣቢያ ነው የሚጨምርብሽ። መፍትሔው ዩሮን በዩሮ አካውንት መቀበል ነው። ያ ካልሆነ ገና ከመነሻው ውሉን በዶላር ማድረግ፤ ያኔ የመመንዘሩ ጣጣ የደንበኛው ይሆናል።

---

ማህሌት_ግራፊክስ

አሁን ገባኝ። እኔ እኮ ሦስት ሳምንት ሙሉ በ15 ዶላሯ ስጨቃጨቅ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄስ? ላቆየው ወይስ ልመንዝረው?

---

ሂሳብ_ሹም

እዚህ ላይ እኔ ልግባ። ቢኒ «ዶላር ሁሌ ወደ ላይ ነው» ያልከውን አልቀበልም። ከማን አንጻር ነው ወደ ላይ? 2008 ዓ.ም (በአውሮፓውያን) ሐምሌ ላይ አንድ ዩሮ 1.60 ዶላር ደርሶ ነበር። 2022 መስከረም ላይ ደግሞ ከ1 ዶላር በታች፣ 0.96 አካባቢ ወረደ። በ2002 ደመወዙን በዩሮ ማግኘት ሲችል «ዶላር ይሻላል» ብሎ ዶላር ይዞ የተቀመጠ ሰው ስድስት ዓመት ሲከስር ኖሯል።

የአገር ገንዘብን በተመለከተ ግን ስሌቱ ይሄ ነው። ማህሌት፣ ቁጥሮቹን በራስሽ ተኪያቸው፣ እኔ ለምሳሌ ነው የምጠቀምባቸው። ባንኩ ዶላር ከአንቺ የሚገዛው በ98፣ ለአንቺ የሚሸጠው በ102 ነው እንበል። የአገር ገንዘብ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ በዓመት 9 በመቶ ይከፍላል እንበል።

1,000 ዶላር ዛሬ ብትመነዝሪ 98,000 ታገኛለሽ። ዓመት ሲሞላ ከነወለዱ 106,820 ይሆናል። ካልመነዘርሽው ደግሞ በ1 በመቶ 1,010 ዶላር ይሆናል። እንግዲህ 1,010 ዶላሩ ከ106,820 እንዲበልጥ የባንኩ መግዣ ከ98 ተነስቶ ከ105.76 ማለፍ አለበት። ማለትም 8 በመቶ አካባቢ። የአገሩ ገንዘብ በዓመት ከዚያ ያነሰ ከወረደ፣ ዶላሩን ይዘሽ መቆየትሽ አከሰረሽ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ለኑሮ ለምታወጪው ገንዘብ ነው።

ለኮርስ የምትከፍይው ግን ሌላ ነው። ያኔ 106,820ውን መልሰሽ ወደ ዶላር ልትቀይሪ ነው፤ ስለዚህ የምትገዢው በመሸጫው ዋጋ ነው። መሸጫው ከ102 ወደ 105.76 ቢሄድ፣ ማለትም 4 በመቶ እንኳ ሳይሞላ፣ ዶላሩን አለመንካት ይሻል ነበር። ገደቡ እንደዚህ በአንድ ጊዜ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ምክንያቱ ሸጠሽ መልሰሽ ስትገዢ በመሐል ያለውን ልዩነት ስለምትከፍይ ነው።

---

ቢኒ77

ቆይ ቆይ። ስሌቱ ቆንጆ ነው። ግን ገንዘብ እኮ በዓመት 3 በመቶ 4 በመቶ እያለ ቀስ ብሎ አይወርድም። ለሁለት ዓመት ዝም ይላል፣ ከዚያ በአንድ ጠዋት ተነስተህ ግማሽ ሆኖ ታገኘዋለህ። ያን ጠዋት 9 በመቶህ ምን ይሠራልሃል?

ሌላም አለ። «መልሰሽ ትገዢያለሽ» አልክ። ማን ይሸጥላታል? ዶላር የተቆጠበበት ቦታ የባንኩ ሰሌዳ ላይ ዋጋው አለ፣ መስኮቱ ላይ ዶላሩ የለም።

---

ሂሳብ_ሹም

ይሄኛው ትክክል ነው። ወስጃለሁ። ዋጋው በመንግሥት ተይዞ በሚቆይበት ቦታ የእኔ ስሌት የሚነግርህ ስለ ረጋው ጊዜ ብቻ ነው። መልሶ መግዛት የማይቻል ከሆነ ደግሞ የኮርሱን ገንዘብ መመንዘር ጭራሽ አይታሰብም። ለኑሮ የሚሆነውን ግን አሁንም እመነዝራለሁ። ለሚቀጥለው ወር ኪራይ ዶላር ይዞ መጠበቅ ቁማር ነው።

---

ቢኒ77

እኔ ቁማር የምለው የአገር ገንዘብ ይዞ መቀመጡን ነው 😄 በዚህ አንስማማም።

---

ሰናይት_ዘቤሩት

ስትከራከሩ ዝም ብዬ አነበብኩ። ሁላችሁም ዶላሩ አካውንቱ ላይ እስካለ ድረስ አለ ብላችሁ ነው የምታወሩት። እኔ ቤሩት ስሠራ ደመወዜን በዶላር ነበር የማገኘው፣ የምቆጥበውም በዶላር። ስቴትመንቱም USD ነው የሚለው።

በ2019 ጥቅምት ሰልፉ ሲነሳ ባንኮቹ ለሁለት ሳምንት ያህል ተዘጉ። ሲከፈቱ ገንዘብህን ማውጣት የምትችለው በቁራጭ ሆነ። ወደ ውጭ ማስተላለፍማ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው አበቃ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ «ከፈለጋችሁ በሊራ ውሰዱ» መጣ፤ አንዱ ዶላር በ3,900። ውጭ ላይ ግን ከዚያ እጥፍ ገደማ ይሸጥ ነበር፣ ቆይቶም ብዙ እጥፍ ሆነ። ስቴትመንቴ አንድ ሳንቲም አልቀነሰም እኮ። ሁሌም USD ነው የሚለው።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁለት ዓይነት ዶላር አለ ማለት ጀመረ። ከውጭ አዲስ የገባው «ፍሬሽ» ይባላል፣ እሱን እንደልብህ ታወጣዋለህ። የእኛው የድሮው ደግሞ በቁጥር ብቻ አለ። በ2021 በወር 400 ዶላር በጥሬው ማውጣት ተፈቀደ፣ እሱም ሁኔታውን ላሟላ።

እኔ የማውቀው የደረሰብኝን ነው። ለምን እንደሆነ ግን እስካሁን በቅጡ የነገረኝ ሰው የለም።

---

የኋላ_ክፍል

እሜቴ፣ ይህ እንዲህ ባጭሩ የሚያልፍ ነገር አይደለም። የሆነውን በምችለው ልንገርሽ።

በዶላር አካውንት ውስጥ ያለው ዶላር አይደለም። ባንኩ ያለብሽ ዕዳ ነው፤ በዶላር የተቆጠረ ዕዳ። ባንኩ ዶላር ማተም አይችልም። ማዕከላዊ ባንኩም አይችልም። እውነተኛው ዶላር ያለው ባንክሽ በውጭ አገር ትልቅ ባንክ ዘንድ በከፈተው አካውንት ውስጥ ነው። እኛ ኖስትሮ እንለዋለን። ማህሌት የተቀበለችው ክፍያም መጀመሪያ የገባው እዚያ ነው፤ ከዚያ ነው ባንኳ በራሱ መዝገብ የጻፈላት።

አሁን፣ ባንኩ ያን ዶላር ኖስትሮው ላይ አይተወውም። ያበድረዋል። ሊባኖስ ላይ ባንኮቹ ከፍ ያለ ወለድ እየተከፈላቸው አብዛኛውን ለማዕከላዊ ባንኩ ሰጡት። እሱ ደግሞ የሊራውን ዋጋ ለመደገፍና ለአገሪቱ ወጪ አዋለው። ስለዚህ በመዝገብ ላይ ያለው ዶላር እያደገ፣ ውጭ አገር ያለው እየሳሳ ሄደ። ሁሉም በአንድ ጊዜ «ስጡኝ» ሲል ለመዝገቡ የሚበቃ ዶላር አልነበረም።

ይህ የሊባኖስ ብቻ አይደለም። አርጀንቲና በ2002 መጀመሪያ የዶላር ተቀማጮችን በግዴታ ወደ ፔሶ ቀየረች፤ አንዱን ዶላር በ1.40 ፔሶ ሂሳብ። ዓመቱ ሳይጋመስ ገበያው ላይ ዶላር ከ3 ፔሶ አልፎ ነበር። ፓኪስታን በ1998 ግንቦት የኒውክሌር ሙከራውን ባደረገችበት ቀን የውጭ ምንዛሪ አካውንቶችን አገደች። ዚምባብዌ በ2018 ጥቅምት ባንኮች አካውንቶቹን ለሁለት እንዲከፍሏቸው አደረገች፤ ከውጭ በእውነት የገባ ዶላር «ኖስትሮ» ተብሎ ለብቻው፣ አገር ውስጥ በመዝገብ የተፈጠረው ለብቻው። ያንቺ «ፍሬሽ» እና «የድሮ» ማለት ነው፣ በሌላ ስም።

---

ሳሚ_ኮድ

ይኸው፤ ለዚህ ነው ዋሌት የምለው። ባንክ የለ፣ ማዕከላዊ ባንክ የለ።

---

የኋላ_ክፍል

ሳሚ፣ ባንክማ አለ። ዋሌቱን የሚያንቀሳቅሰው ድርጅት ያንተን ገንዘብ የሚያስቀምጠው የሆነ ባንክ ዘንድ ነው። ብዙዎቹ ድርጅቶች ራሳቸው ባንክ አይደሉም። ፈቃዳቸው የደንበኛን ገንዘብ ከራሳቸው ገንዘብ ለይተው እንዲይዙ ነው የሚያስገድዳቸው። ያ ጥሩ ነው፣ ግን የተቀማጭ መድን አይደለም። ድርጅቱ ሲወድቅ የተለየውን ገንዘብ ተቆጥሮ እስኪመለስልህ ትጠብቃለህ፤ የሚሰጥህ የመንግሥት ዋስትና ግን ላይኖር ይችላል።

መድንን ካነሳን አይቀር፣ ባንክም ቢሆን ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ባንክ ለአንድ ሰው እስከ 250,000 ዶላር ይሸፈናል፤ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ እስከ 100,000 ዩሮ። ግን የጃፓን የተቀማጭ መድን በውጭ ምንዛሪ የተቀመጠን አይሸፍንም። ካናዳም መሸፈን የጀመረችው በ2020 ነው። ስለዚህ «ባንኩ መድን አለው» ሲሏችሁ «የዶላር አካውንቱስ?» በሉ።

---

ሰናይት_ዘቤሩት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንደዚህ ሆኖ አልተነገረኝም ነበር። እና ማህሌት፣ አስቀምጪ ወይ አታስቀምጪ አልልሽም። ወለዱ በጣም ካማረብሽ ግን ጠርጥሪ። እኛ ጋ የዶላር ወለዱ በጣም አሪፍ ነበር።

---

ትርጉም_ቤት

ይቅርታ፣ የእኔ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፣ ግን ማህሌት የዩሮ አካውንት ልትከፍት ከሆነ ይጠቅማታል ብዬ ነው። እኔ ኢንቮይሴ ላይ የምጽፈው የሥራዬን ስም ነው። አካውንቴ ያለው ግን በመታወቂያ ስሜ። 900 ዩሮ ተልኮልኝ ስሙ አልገጠመም ተብሎ ተመለሰ። ተመልሶ ሲሄድ ደግሞ ሁለት ቦታ ተቆርጦ ለደንበኛዬ 850 ምናምን ደረሰው። ልዩነቱን የቻልኩት እኔ ነኝ። አሁን ኢንቮይሱ ላይ የባንክ ስሜን ፊደል በፊደል ነው የምጽፈው።

አንድ ጥያቄም አለኝ። ግብር የምከፍለው ዶላሩ በገባበት ቀን ዋጋ ነው ወይስ በመነዘርኩበት ቀን?

---

ሂሳብ_ሹም

ብዙ ቦታ ገቢው የሚመዘገበው ገቢ በሆነበት ቀን ባለው ዋጋ ነው። ዶላሩን ይዘህ ቆይተህ ስትመነዝር ዋጋው ጨምሮ ከተገኘ ያ ጭማሪ ሌላ ታሪክ ነው፤ አንዱ አገር ግብር ይጥልበታል፣ ሌላው ለግለሰብ ይተወዋል። የራስህን አገር ሕግ ሳላይ ይሄ ነው አልልህም።

ማድረግ ያለብህ ግን የትም ብትኖር አንድ ነው። እያንዳንዱ ክፍያ የገባበትን ቀን፣ መጠኑንና የዚያን ቀን ዋጋ ያኔውኑ ጻፍ። ከሁለት ዓመት በኋላ አካውንቱ ላይ ብዙ ክፍያ ተደባልቆ «የትኛው ዶላር በስንት ገባ?» ስትባል መመለስ አትችልም።

---

ማህሌት_ግራፊክስ

ወደ ባንኩ ሄጄ መጣሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

የዩሮ አካውንት ይከፍታሉ። ከደንበኛዬ ጋር ያለኝን ውልና ያለፉ ኢንቮይሶችን ጠየቁኝ፤ ገንዘቡ ከምን እንደመጣ ለማወቅ ነው አሉ። በወር 3 ዩሮ ያስከፍላል። በወር አንድ ክፍያ ነው የምቀበለው፤ አሁን ያጣሁትን 68.75 ዶላር ሳስበው 3 ዩሮዋ ምንም አይደለችም።

ገደቡን ጠየቅሁ። ወደ ውጭ ለኮርሱ መክፈል እችላለሁ፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ካመጣሁ። በጥሬው ማውጣት ግን በጣም ትንሽ ነው፣ እሱም «ካለን» ነው ያሉኝ። ይህችን «ካለን» ስሰማ ሰናይት ትዝ አለችኝ።

ኮርሱ ደግሞ የሚከፈለው በዶላር ነው። ስለዚህ ዩሮ ተቀብዬ የተወሰነውን ወደ ዶላር መቀየሬ አይቀርም። ልዩነቱ አሁን ዋጋውን አይቼ፣ ተደራድሬ እቀይረዋለሁ።

---

የኋላ_ክፍል

ጎበዝ። ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር ብቻ። አዲሱን የዩሮ አካውንት ቁጥር ለደንበኛሽ ስትልኪ ቁጥሩን ብቻ አትላኪ። ባንክሽ ኖስትሮ የከፈተበት የውጭ ባንክ፣ ኮረስፖንደንት የሚባለው፣ ለዶላር አንድ ነው፣ ለዩሮ ሌላ። ደንበኛሽ ፎርሙ ላይ የድሮውን የዶላር ኮረስፖንደንት ከተወው፣ ዩሮሽ በዶላር በር ዞሮ ሊመጣ ይችላል፤ 36ቷም ተመልሳ ትመጣለች። ባንክሽን «በዩሮ የመቀበያ መመሪያ» ብለሽ ጠይቂ፣ በወረቀት ይሰጡሻል። እንዳለ ኢንቮይሱ ላይ ቅጂው።

የመጀመሪያው ክፍያ ሲገባ ደግሞ MT103ውን አስወጪ። 32A እና 33B ሁለቱም EUR ካሉ፣ 36 ከሌለች፣ ተሳክቷል።

---

ማህሌት_ግራፊክስ

እሺ ጋሼ። የሚቀጥለው ኢንቮይሴ ወር መጨረሻ ላይ ነው። ሲገባ አምስቱን መስመሮች እዚሁ እለጥፋቸዋለሁ።

---

ቢኒ77

እና ለኑሮ የሚሆነውን መነዘርሽው ወይስ ያዝሽው? 😄

---

ማህሌት_ግራፊክስ

የሦስት ወር ወጪዬን መነዘርኩ። የኮርሱን አልነካሁም። የቀረውን ገና አልወሰንኩም፤ ሁለታችሁም አሳመናችሁኝ።